ሁለቱ ባለ ስምንት ሳንቲሞች

መስከረም 24

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስዎ። ፈጣሪ ጉልበትዎን ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ሹፌሩ ባለቤቴም፣ የሚነዳው አውቶቡስም እስካሁን አልተገለበጡም።

ስልክ ያልደወልኩት ጠፍቼ አይደለም። የማጠቢያው ሞተር ጆሮዎን ስለደፈነው፣ እኔ ስጮህ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ የማይሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን ጉዳይ ደግሞ ማንም እንዲሰማው አልፈልግም።

አክስቴ፣ አንድ የማልፈልገው ነገር ወደ እኔ እየመጣ ነው። ምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ ሳወራው የሚብስ እየመሰለኝ ነው። መምጣቱን አውቃለሁ፣ የሚደርስበትን ቀን ግን አላውቅም። ቀኑን ባውቅ ቤቴንም ሥራዬንም አዘጋጅ ነበር። ልብስ ሰፊው አለቃዬ ዘንድሮ ብል የበላውን ሱፍ ሁሉ የሚሰጠው ለእኔ ነው። ቀዳዳውን ክር በክር መልሼ ስደፍነው ባለቤቱ ራሱ ቦታውን ያጣዋል። ይህን ሥራ በድንገት ጥዬ መነሣት አልችልም።

ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ የተዉልኝን፣ ዕድል የሚነበብበትን አሮጌውን የታሮት ካርድ አወጣሁ። ሹፌሩ ሥራ ላይ በነበረበት ሰዓት በወዝኩና እንዳስተማሩኝ አምስት ዘረጋሁ። መጀመሪያ ባለ ሰባት ሳንቲም ወጣ። ቀጥሎ የሳንቲም ፈረሰኛ፣ ከዚያ ባለ አራት ዋንጫ፣ ከዚያ የተሰቀለው ሰውዬ፣ መጨረሻ ላይ ባለ ስድስት ሳንቲም። ባያቸው ባያቸው ቀን የሚባል ነገር አላገኘሁባቸውም። እርስዎ ግን የስንቱን ሰው አንብበዋል። ቀኑን ይንገሩኝ። ቀኑ ካልተቻለ ወሩን።

ደግሞ ላስቸግርዎ፤ እዚያ ያሉትን ቀጫጭን የሱፍ መርፌዎች ካገኙ ጥቂት ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ሚጢጢ


ጥቅምት 20

ለሚጢጢ፤

ሰላምሽ ይብዛ የእህቴ ልጅ። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፣ ክርሽ አይበጠስ። እኔ ደህና ነኝ። ቀን ቀን የሰው አንሶላ እተኩሳለሁ፣ በዕረፍቴ ቀን ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሰው ጭንቀት አነባለሁ። ከሁለቱ አንሶላው ይሻላል፤ ቢያንስ ይስተካከላል።

አንቺም እንደ ደንበኞቼ “መቼ?” ብለሽ መጣሽ። ይህን ጥያቄ እንዴት እንደምጠላው አታውቂም። ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ቀን ቁረጪልኝ ይለኛል። ሰባ ስምንቱንም ካርድ ብትገለብጪ ቀን መቁጠሪያ አታገኚባቸውም። ቁጥር አለ፣ እሺ። ግን ሰባት ምን? ሰባት ቀን፣ ሰባት ሳምንት ወይስ ሰባት ወር? ካርዱ ይህን አይናገርም፤ አንባቢዋ ናት ከራሷ የምትጨምርበት። እኔ የተማርኩት ከአራቱ የካርድ ዓይነቶች ሰይፍ በቀናት፣ በትር በሳምንታት፣ ዋንጫ በወራት፣ ሳንቲም በዓመታት ይቆጠራል ተብዬ ነው። እዚህ ማዶ ያለችው አንባቢ ደግሞ በትሩን በቀናት፣ ሰይፉን በሳምንታት ትቆጥራለች። ሌላ የማውቃት ሴት አራቱን ለአራቱ የዓመቱ ወቅቶች አከፋፍላቸዋለች። ሦስታችንም በያዝነው እንምላለን። እንግዲህ ያው አንድ ካርድ በእኔ እጅ ሰባት ቀን፣ በእሷ እጅ ሰባት ሳምንት ከሆነ፣ ቀኑ ያለው ካርዱ ላይ ሳይሆን አፋችን ላይ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ነገር የሚደርስበትን ቀን የሚወስነው ብዙ ሰው ነው። አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ሐሳቡን ይለውጣል፣ አንቺም ዛሬ የምታደርጊው ነገር የነገውን ያዛውረዋል። ካርድ የዘረጋሽበትን ሰዓት ሁኔታ ያሳይሻል እንጂ ያልተወሰነን ነገር ቀን አይቆርጥልሽም።

ካርድ የሚያውቀው አካሄድን ነው፤ በዚያ እንኳ አንባቢዎች በጥቂቱ እንለያያለን። በትር እሳት ነው፤ ከተያያዘ ይሮጣል። ሰይፍ ነፋስ ነው፤ ድንገት ይመጣል፣ አንድ ቃል ወይም አንድ ውሳኔ ይዞ። ዋንጫ ውሃ ነው፤ የሰው ስሜት እስኪረጋ ይጠብቃል። ሳንቲም መሬት ነው፤ ከሁሉም ዝግ ይላል። ፈረሰኞቹም እንደዚያው ናቸው። በአዲሱ ካርዴ ላይ የበትሩ ፈረስ በሁለት እግሩ ተነሥቷል፤ የሳንቲሙ ግን አራት እግሩን ተክሎ ቆሟል። ቁጥሮቹ ደግሞ መንገዱ የት እንደደረሰ ይጠቁሙሻል። አንድ ገና ማቆጥቆጥ ነው። አራት ቆም ማለት፣ አምስት መደናቀፍ፣ ሰባት መለስ ብሎ መመዘን ነው። ዘጠኝ ከጫፍ መድረስ ነው፣ አሥር ማለቅ ነው። ከአራቱ ዓይነት ውጭ ያሉት ትልልቆቹ ካርዶች ግን ሰዓት የላቸውም። የተሰቀለው ሰውዬ ሲወጣ ነገሩ በእንጥልጥል ነው ከማለት በቀር ምንም አልልሽም።

አሁን ወደ አንቺ። ከአምስቱ ሦስቱ ሳንቲም ናቸው፣ ከነዚያ አንዱ ያ የማይንቀሳቀስ ፈረሰኛ ነው። ሰይፍም በትርም የሉም። ስድስትና ሰባት ከመሃል አለፍ ያሉ ናቸው እንጂ ጫፍ አልደረሱም። ጉዳይሽ የሚሮጥ አይደለም። ጊዜ አለሽ ብልሽ አልዋሽም፣ ቀን ግን ከእኔ አታገኚም።

ምን እንደሆነ ብትነግሪኝ ኖሮ ጥያቄውን አስተካክልልሽ ነበር። “መቼ ይደርሳል” ተብሎ አይጠየቅም። “ከመድረሱ በፊት ምን ማድረግ አለብኝ” ተብሎ ነው። ደብቀሽ ስትጠይቂኝ እኔም የማነበው ተሸፋፍኖ ነው።

መርፌዎቹን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ።

አክስትሽ


ጥር 11

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናና ሰላም ከእርስዎ አይራቁ፤ የሚተኩሱት አንሶላም ይቅለልልዎ። በመልሱ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራው አላፈናፍን አለኝ፣ ደግሞም የምጽፈው ቀን ቀን፣ መስኮቱ አጠገብ ብቻ ነው።

ጊዜ አለሽ ያሉኝ ቃል ልቤን እንዴት እንዳሳረፈው! አንድ ቦታ ቀጠሮ ነበረኝ፣ ቀን ገፋሁት። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፌም ተመልሷል። ሹፌሩ ራሱ ፊትሽ ተመለሰ ብሎኛል።

እዚህ አዲስ ነገር የለም። ልብስ ሰፊው ጥቁር ሱፎቹን ለሌላዋ ሴት ሰጥቶ ለእኔ ነጣ ነጣ ያሉትን ይሰጠኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የበሩ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ትከሻዬን ላጥ አደረገኝ። ሹፌሩ አየውና፣ ከመሥሪያ ቤታችን አውቶቡሶች ሁሉ እንዳንቺ ጎኑ የተላላጠ የለም ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

የላኩልኝ መርፌዎች ቆንጆ ናቸው፣ ቀዳዳቸው ግን ጠበበኝ። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያላቸውን፣ ከተቻለም ክር ማስገቢያዋን ትንሽ መሣሪያ ቢልኩልኝ። ያ አጉልቶ የሚያሳየው ባለ መስታወት መብራትም እዚያ አይጠፋም ይላሉ። የምሠራበት ክፍል ጨለማ ስለሆነ ነው።

ደግሜ ጠየቅኳቸው፣ አይቆጡኝ። እንደመከሩኝ “ከመድረሱ በፊት ምን ላድርግ” ልል ነበር፤ ግን ካርዶቹን በእጄ ስይዝ ከአፌ የወጣው ያው “መቼ” ሆነ። እንዲህ ወጡ፤ ባለ ስምንት ሳንቲም፣ ባለ ስድስት ዋንጫ፣ ጨረቃ፣ ባለ ሁለት ሰይፍ፣ ባለ ስምንት ሳንቲም። አሁንም ሳንቲም ይበዛል። አሁንም ዝግ ያለ ነው ማለት ነው አይደል? አዎ ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ሚጢጢ


የካቲት 2

ሚጢጢ፤

ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ የምለው አስቸኳይ ነው።

ባለ ስምንት ሳንቲም መጀመሪያም ወጣ፣ መጨረሻም ወጣ ብለሽ ጻፍሽልኝ። በአንድ ሙሉ ካርድ ውስጥ ባለ ስምንት ሳንቲም አንድ ብቻ ነው። ሁለቴ ሊወጣ አይችልም። በመጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ልጅቷ ካርዶቹን የገዛ እጇ ላይ አባዛቻቸው ብዬ። ቀጥዬ ስትጽፊ ተሳስተሽ ይሆናል አልኩ። ከዚያ የተውኩልሽ አሮጌው ካርድ ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ።

በዚያ በአሮጌው ካርድ ባለ ቁጥሮቹ ላይ እንደ አዲሱ የሰው ሥዕል የለም፤ በትሩ፣ ሰይፉ፣ ዋንጫው ተደርድሮ ነው ያለው። የእነሱ ቁጥር ጠርዙ ላይ ተጽፏል፣ ስለዚህ አልሳትሻቸውም። ሳንቲሞቹ ላይ ግን ቁጥር የለም። እነሱን በዓይን መቁጠር ግድ ነው። አንቺ ከሱፍ ላይ የተሳበ አንድ ክር ከሩቅ የምትለይ ልጅ፣ እንጀራሽ መቁጠር የሆነ፣ የተለያዩ ሁለት ካርዶችን እኩል ስምንት አድርገሽ ቆጠርሻቸው። አንዱ ዘጠኝ ነበር፣ ወይም አሥር ነበር፤ አንድ ሁለቱን ሳንቲም አላየሻቸውም።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። መጀመሪያ ቀጭን መርፌ አልሽኝ፣ ቀጥሎ ሰፊ ቀዳዳ አልሽኝ፣ ቀጥሎ መብራት። ጥቁሩን ሱፍ ወሰዱብሽ። መስኮት አጠገብ ካልሆነ አትጽፊም። የበሩ ጠርዝ ከጎንሽ እየመጣ ይልጥሻል። የጽሑፍሽም መስመር ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ችኮላ ነው ብዬ ነበር። ያ ሊመጣ ነው ያልሽው ነገር ይኼ ነው። ያ የገፋሽው ቀጠሮ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ስደቢኝ፤ ደስ እያለኝ እሰደባለሁ።

አሁን ይህን ደጋግመሽ አንብቢው። ሳንቲም ዝግ ይላል ብዬሻለሁ፣ እሱን አልመልሰውም። ዝግ ይላል ማለት ግን ሩቅ ነው ማለት አይደለም። ዝግ ብሎ ሲመጣ የኖረ ነገር አሁን በርሽ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ዓይነቱ የሚነግርሽ እርምጃውን ነው። የት እንደደረሰ የሚጠቁመው ቁጥሩ ነበር፤ ቁጥሩን ደግሞ የቆጠርሽው አንቺ ነሽ፣ በዚያው በታመመው ዓይንሽ። ሰባትና ስድስት ያልሽኝ ዘጠኝና አሥር ይሁኑ እኔ በምን አውቃለሁ? እኔ ጊዜ አለሽ ያልኩት ባላየኋቸው ሳንቲሞች ላይ ተመሥርቼ ነው።

ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግሥት ሂጂ። ቀጠሮሽ ስላለፈ ቢያባርሩሽ እንኳ በር ላይ ቁጭ በይ። ለሹፌሩ ንገሪው፣ እሱ ይዞሽ ይሂድ። ካርዶቹን ግን አትንኪያቸው።

መብራቱን ልኬአለሁ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 16

ለተከበሩ አክስቴ፤

ፈጣሪ ያበርታዎ። መስመሩ ቀጥ ያለው ማስመሪያ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው፤ አይደነቁ።

አልተሳሳቱም፣ ስለዚህ ስድቡ ቀርቶብዎታል። ገና ክረምት ሲወጣ ነው ሐኪሙ ያየኝ። በዓይኔ ውስጥ ግፊት አለ አለኝ። ሕመም የለውም፣ ከጎን በኩል ነው ቀስ እያለ የሚበላው፣ የተበላውን ደግሞ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ቀዶ ጥገናው የቀረውን ለማቆየት ብቻ ነው አለኝ። ቶሎ ነይ አለኝ። “ቶሎ ማለት እስከ መቼ ነው?” ስለው ቀን መቁረጥ አይቻልም አለኝ። ተናድጄበት ወጣሁ። ቀን የሚቆርጥልኝ ፍለጋ ነው ወደ ካርዱ የሄድኩት፤ እዚያም ቀን የማይቆርጡት እርስዎ ጠበቁኝ።

ለማንም ያልተናገርኩት ልብስ ሰፊው እንዳያሰናብተኝ ፈርቼ ነው። የማታይ ሱፍ ጠጋኝ ምን ያደርግለታል? ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፤ እየጠፋ መሆኑ ራሱ አይታወቅም። የጠፋው ቦታ አይጨልምም። ሙሉ ሆኖ ይታያል። ስምንት ሳንቲም ስቆጥር ስምንት ነበር የታየኝ፣ ምንም የጎደለ አልነበረም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጠዋት ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ለሹፌሩ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። አውቶቡሱን ለባልደረባው ሰጥቶ ይዞኝ ሄደ፣ መንገድ ላይ አንድም ቀልድ አልቀለደም፣ ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። ሐኪሙ አይቶኝ ቀኝ ዓይኔ ማለቁን ነገረኝ። ግራው መሃሉ ቀርቷል፤ በቧንቧ እንደማየት ነው። እሱን ቀዶልኛል። መሃሉ ይቆያል ወይ ስለው፣ ይቆይ ይሆናል አለ። እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ልብስ ሰፊው አላሰናበተኝም፤ እሱም ሆዴን አባባው። ጊዜያዊውን ስፌት እየዳሰስኩ እፈታለሁ፣ ትልልቅ ቁልፎች እተክላለሁ።

አክስቴ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ሩቅ ነው አላሉኝም። ዝግ ያለ ነው አሉኝ፣ ሩቅ ነው ብዬ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ መስማት የፈለግኩት እሱን ስለነበር።

መርፌም መብራትም ከእንግዲህ አይላኩ። የሚያስፈልገኝ ነገር የለም።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 3

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ የቀረሽን ያቆይልሽ። ከዚህ ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ፊደሉ ለምን እንደዚህ ገዘፈ እንዳትዪ። ወፍራም ጥቁር ማርከር ገዝቼ ነው፣ አንድ ገጽ ላይ አምስት መስመር ብቻ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴት፣ ማስታወቂያ ነው የምትልኪው? አለችኝ።

“የሚያስፈልገኝ ነገር የለም” ያልሽው አንጀቴን በላው። መርፌ ስትለምኚኝ እየተማረርኩ ገበያ ለገበያ እዞር ነበር። አሁን በመርፌ መሸጫው በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። መተኮሻው ክፍል ውስጥ አለቅሳለሁ፣ ሴቶቹ እንፋሎቱ ነው ብለው ያልፉኛል።

አንድ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ልጁ የምትመለስበትን ቀን ጠየቀኝ። ካርዶቹን ሳልነካ፣ ቀን እንደማልቆርጥ፣ ዝግ ያለና ሩቅ የሆነ ነገርም አንድ እንዳልሆኑ ነገርኩት። ካርዶቹን ገልብጠሽ እንኳ አላየሽም ብሎኝ ሄደ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልዘረጋሁም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ያ መሃሉ ያልሽው ካልቆየ፣ ደብዳቤዬን የሚያነብልሽ ሹፌሩ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ይጮኻል እንጂ ጥሩ ያነባል። ግን እሱ እያነበበ እሱን ማማት አንችልም። ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል ያልሽኝን፣ እኔም ያንን ሰው ባታገቢው ብዬሽ እንደነበረ፣ በኋላም እንዳፈርኩ፣ እንዴት አድርገን እንጽፈዋለን? አንቺ ስታዝኚ ሐዘንሽን የሚጽፈው የእሱ እጅ ነው። እኔ እንደምወድሽ በእሱ ድምፅ ነው የምትሰሚው፤ እሱ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ስለዚህ ራስሽ እያነበብሽ ሳለሽ ልጻፈው። እወድሻለሁ፣ የእህቴ ልጅ። በጣም ነው የምወድሽ። እዚህ ከአንቺ በቀር የማወራው ሰው የለኝም። ይህን ገጽ ለማንም አታሳዪ።

አክስትሽ


ግንቦት 29

አክስቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ያንን ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት። አንዱን ቃል ይዤ ሌላውን ስፈልግ የፊተኛው ያመልጠኛል፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሹፌሩ ላንብብልሽ ሲለኝ የግል ነው አልኩት። ቅር አለው። ቅር ይበለው።

የመጨረሻዋን ገጽ ሦስት ጊዜ ተመለስኩባት።

ሐኪሙ ቀን አልሰጠኝም፣ እርስዎም አልሰጡኝም። ነገ ይሁን ከዓመታት በኋላ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መልሴን አይጠብቁ፣ እኔ ቀስ ነው የምጽፈው። ዛሬ ይጻፉልኝ። ነገም ይጻፉልኝ። ሲጽፉም ፊደሉን ከዚህም ያግዝፉት።